በአንድ ቀን ተቆልቶ የተፈጨውና ያልተፈጨው ቡና ለምን ተለያዩ?

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ
እናቴ ከአዲስ አበባ ሁለት ኪሎ የተቆላ ቡና ላከችልኝ፤ አንዱን ኪሎ አስፈጭታ፣ ሌላውን በፍሬው። በሦስተኛው ሳምንት የተፈጨው መዓዛው ጠፍቶ ወረቀት ወረቀት ሲል፣ ፍሬው ግን አሁንም ቤቱን ያውዳል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የቀረውስ እስከ መቼ ይቆያል?

መልስ፦ ከሪያድ
ቡናን የሚያበላሹት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። እኔ የተፈጨውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ቢያደርጉ አንድ ወር ይቆይልዎታል።

መልስ፦ በቡና መቁያ ቤት የምሠራ
ስለ ሙቀትና እርጥበት የተባለው ልክ ነው፤ ዋናው ጠላት ግን አየር ነው። ቡና ሲቆላ በፍሬው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታመቃል፤ ይህ ጋዝ ለሳምንታት ቀስ እያለ ሲወጣ ኦክስጅን በቶሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በመጠኑ ይከላከላል። ሲፈጭ ግን ፍሬው በብዙ ሺህ ቅንጣት ስለሚከፋፈል ጋዙ አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ያመልጣል፣ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል፣ በየቅንጣቱ ላይ ያለው ቅባትም ለአየር ይጋለጣል። ወረቀት ወረቀት ያለዎት ይህ ነው።

በደንብ በተከደነ ዕቃ የተቀመጠ ፍሬ ከተቆላበት ቀን ጀምሮ እስከ አራት ሳምንት ጥሩ ጣዕም አለው፤ ከዚያ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ይጠጣል። የተፈጨው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ምርጡ መዓዛ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ይቀንሳል። አጥቁረው የቆሉት ደግሞ ቅባቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቶሎ ያረጃል። ፍሪጅን አልመክርም፤ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይይዛል፣ የሽንኩርቱንም ሽታ ይስባል።

መልስ፦ ከአዋሳ
እኛ ቤት ቡና ከዓመት በላይ ተቀምጦ ምንም አልሆነም። ሁልጊዜም ለዕለቱ የሚበቃንን ብቻ ቆልተን በሙቀጫ እንወቅጣለን።

መልስ፦ በቡና መቁያ ቤት የምሠራ
እርስዎ የሚሉት ጥሬ ቡና ነው፤ እሱ በደረቅ ቦታ ብዙ ወራት ይቆያል። የተጠየቀው ስለተቆላው ነው፤ አያያዝዎ ግን ከሁላችንም የተሻለ ነው።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። የፍሬውን ትኩስነት በምን ልለይ? የተፈጨውስ ይጣል?

መልስ፦ በቡና መቁያ ቤት የምሠራ
እፍኝ ፍሬ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ያስገቡ፣ አየሩን አስወጥተው ጥብቅ አድርገው ይዝጉና ያሳድሩት። ጠዋት ከረጢቱ ከተነፋ ጋዝ አለው፤ ካልተነፋ አርጅቷል። የተፈጨው ሻጋታ ወይም እርጥበት ከሌለው አይጎዳም፤ ጣዕሙ ብቻ ነው የሄደው። ፍሬውን ለሳምንት ለሳምንት ከፋፍለው፣ አየር በማያስገባ ከረጢት በፍሪዘር ማቆየት ይችላሉ፤ ሲያወጡት ግን የክፍሉን ሙቀት ሳያገኝ አይክፈቱት፣ ጤዛ ይይዛልና።

መልስ፦ ከሪያድ
ስለ ፍሪጁ ተቀብያለሁ። የተፈጨውን በፍሪዘር ማስቀመጥ ግን ለእኔ ጠቅሞኛል፤ በዚህ አንስማማም።