ከለር ገጽ ያለው መመረቂያ ጽሑፍ ስድስት ኪሎ አካባቢ የት ላሳትምና ላስጠርዝ?

የጂኦግራፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ 132 ገጽ ነው፤ ካርታና ግራፍ አለበት። በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ 4 ቅጂ እፈልጋለሁ። ሁለት ኮፒ ቤት ዋጋ ጠይቄያለሁ። አንደኛው ጥቁሩን በገጽ 4 ብር፣ ከለሩን 20፣ ጥራዙን 400 ብር አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ጥቁሩን 3፣ ከለሩን 30፣ ጥራዙን 350። አንደኛው ፋይሉን ከፍቶ 57 ገጽ ከለር ነው አለና ጠቅላላውን 7,360 ብር አደረሰብኝ። እኔ የማውቀው ከለር ካርታው 11፣ ግራፉ 8፣ በድምሩ 19 ገጽ ነው። የቱ ጋ ይሻለኛል?

ኮፒው ይቀላል፦ ለምን 4 ጊዜ ፕሪንት ታደርጊያለሽ? አንዱን ፕሪንት አድርጊና ሦስቱን ፎቶ ኮፒ አስነሺ። ፎቶ ኮፒ ሁልጊዜ ይረክሳል።

ጥራዝ ቤት፦ ለጥቁሩ ገጽ ያልከው ይሠራል፤ ለካርታው ግን አይሆንም። ከለር ኮፒ ሲነሣ ቀለሙ አንድ ደረጃ ይቀየራል። ፈዛዛው አረንጓዴና ፈዛዛው ቢጫ ይመሳሰሉና የካርታው መፍቻ ከካርታው ጋር አይገናኝም። ካርታው ለአራቱም ቅጂ ከፋይሉ ይውጣ።

እህቴ፣ 57 ያለሽ ሰው አላጭበረበረሽም። ከለር ማሽን ገጹ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር እንኳ ብታገኝ ገጹን በከለር ትቆጥረዋለች። ዋቢ ጽሑፎችሽ ውስጥ ያሉት የድረ ገጽ አድራሻዎች ሰማያዊ ናቸው፤ የሠንጠረዦችሽም አናት ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ይመስለኛል። ትርፎቹ 38 ገጾች ከዚያ የመጡ ናቸው። ወርድ ላይ Hyperlink የሚለውን ስታይል በ Modify ወደ ጥቁር ቀይሪው፤ የሠንጠረዡን አናት ግራጫ አድርጊው። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረሽ ቁጠሪ።

የቱ ቤት ይሻላል ላልሽው፣ የገጹን ዋጋ ብቻ አትዪ፤ መልሱ ያለው የከለር ገጽሽ ብዛት ላይ ነው። በ19 ከለር ገጽ አንደኛው ቤት እንዲህ ይመጣል፦ ከለሩ 380፣ የቀረው 113 ጥቁር ገጽ 452፣ ጥራዙ 400፤ አንዱ ቅጂ 1,232 ብር፣ አራቱ 4,928። ሁለተኛው ቤት ከለሩ 570፣ ጥቁሩ 339፣ ጥራዙ 350፤ አንዱ 1,259፣ አራቱ 5,036። ስለዚህ አንደኛው በ108 ብር ይረክሳል።

ስምንቱን ግራፎች ግን በጥቁርና ነጭ፣ ዓምዶቹን በሰረዝና በነጥብ ለይተሽ ብትሠሪያቸው ከለርሽ 11 ብቻ ይሆናል። ያኔ አንደኛው ቤት አራቱን በ4,416፣ ሁለተኛው በ4,172 ይሠራቸዋል። ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። በነዚህ ዋጋዎች እስከ 16 ከለር ገጽ ሁለተኛው፣ ከ17 ጀምሮ አንደኛው ይረክሳል።

የጂኦግራፊዋ፦ ኧረ ይህን አላሰብኩትም! ግን 132 ገጽ አንድ በአንድ በዓይን መቁጠር ነው?

ፒዲኤፍ አዋቂ፦ ጎስትስክሪፕት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚና gswin64c ያለበትን bin ፎልደር ወደ ዊንዶውስ PATH ጨምሪው። ከዚያ ትእዛዝ መስጫውን ፒዲኤፉ ባለበት ፎልደር ከፍተሽ ይህን ጻፊ፦

```
gswin64c -o - -sDEVICE=inkcov thesis.pdf
```

ለእያንዳንዱ ገጽ አራት ቁጥር ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 0.00000 ከሆኑ ገጹ ጥቁር ብቻ ነው። ግራጫ ፎቶ ያለበትን ገጽ አንዳንዴ ከለር ብሎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ከለር ያላቸውን ገጾች መልሰሽ በዓይንሽ እያቸው።

የአማርኛ ክፍል፦ እኔ ግን ከለር የለብኝም። ጽሑፌ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው፤ ኮፒ ቤቱ ሲከፍተው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ። ይህስ ዋጋ ይጨምራል?

ጥራዝ ቤት፦ የአንተ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን መፍትሔው አንድ ነው። የፓወር ግዕዝ የድሮዎቹ ፎንቶች ዩኒኮድ ስላልሆኑ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲያ ይሆናሉ። ቤትህ ሆነህ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው፤ ወርዱን ይዘህ አትሂድ። ኮፒ ቤት ውስጥ ወርድ ሲከፈት ገጹ ሊንሸራተት ይችላል፤ ያኔ ማውጫው ላይ 64 የተባለው ምዕራፍ 66 ላይ ይገኛል።

የጂኦግራፊዋ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከለሩና ጥቁሩ የሚወጡት ከተለያየ ማሽን ስለሆነ ለሠራተኛው የከለር ገጾችን ዝርዝር ትሰጪዋለሽ። ያንን ዝርዝር በገጹ ግርጌ በታተመው ቁጥር አትጻፊው። የመግቢያ ገጾችሽ በሮማ ቁጥር እስከ 12 ከሄዱ፣ ግርጌው ላይ 26 የሚለው ገጽ ለፒዲኤፉ 38ኛ ገጽ ነው። 26 ብለሽ ብትሰጪው ካርታው በጥቁር ይወጣል፤ ተራ ጽሑፉ በከለር ዋጋ ይታተማል። ዝርዝሩን በፒዲኤፉ ቁጥር ጻፊ፤ ተሰብስቦ ሲመጣም ከለሩ በቦታው መግባቱን እዚያው ቆመሽ ገልጠሽ እይ።

ኮፒው ይቀላል፦ በሁለት ገጽ ብታትሚውስ? ወረቀቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ጥራዝ ቤት፦ ወረቀቱ እንጂ ዋጋው በግማሽ አይቀንስም፤ ብዙ ቤት የሚያስከፍለው በገጽ ነው። ደግሞ ካርታው በአንድ ወረቀት ላይ ከጥቁር ገጽ ጋር ጀርባና ፊት ሲሆን፣ ወይ ሁለቱም በከለር ማሽን ይወጣሉ፣ ወይ ወረቀቱ ሁለት ማሽን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ማሽን ላይ ሊታጠፍ ይችላል። በሁለት ገጽ መታተሙን ትምህርት ክፍሉ መፍቀዱንም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ፒዲኤፍ አዋቂ፦ ሲያትም ፕሪንት መስኮቱ ላይ Fit የሚለው እንዳይመረጥ። Actual size ይሁን፤ አለበለዚያ ገጹ ትንሽ ያንሳል፣ ካርታሽ ላይ የጻፍሽውም ልኬት ይዛባል። የካርታው መጠን በቁጥር ከተጻፈ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጂኦግራፊዋ፦ 1፡50,000 ብዬ ጽፌያለሁ! አመሰግናለሁ። ጥራዙ ላይስ የሚበላሽ ነገር አለ?

ጥራዝ ቤት፦ አለ እንጂ። ሽፋኑ ከመልበሱ በፊት ጥራዙ በሦስት በኩል በመቁረጫ ይስተካከላል፤ ከየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የገጽ ቁጥርሽ ከግርጌው ጫፍ ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ካልራቀ ሊቆረጥ ይችላል። በግራ በኩል ደግሞ ስፌቱና ሙጫው ቦታ ስለሚይዝ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዪ፤ ካርታ በጎን የተኛበት ገጽ ላይ ይህ በገጹ አናት በኩል መሆኑን አትርሺ።

ሁሉንም ከማሳተምሽ በፊት በጣም ከባዱን ካርታ ብቻ አሳትሚ። ጣትሽን አርጥበሽ የቀለሙን ዳር አሺው። ከተጨማለቀ ኢንክጄት ነው፤ ለካርታ አይሆንሽም፣ ላብ ባለው እጅ ሲገለጥ ይበላሻል። ሌዘር ከሆነ ንቅንቅ አይልም። ሐይቁ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመር ከታየ ደግሞ ማሽኑ መጽዳት ወይም ቀለሙ መቀየር ስላለበት ሌላ ቤት ሂጂ።

የአማርኛ ክፍል፦ ግራፉን ጥቁር ማድረግ ግን ፈታኞቹ ይወዱታል? ለእኔ አማካሪ ከለር ነው የሚያምረው።

ፒዲኤፍ አዋቂ፦ ዓምዱ ሦስት ከሆነ ሰረዝና ነጥብ ይበቃዋል። ስድስት መስመር የሚጠላለፍበት ግራፍ ከሆነ ግን እኔም ከለሩን እተወው ነበር።

ጥራዝ ቤት፦ በዚህ አማካሪሽን ጠይቂ። የፊርማው ገጽ ግን ፈታኞቹ ሳይፈርሙበት ጥራዝ ቤት እንዳይገባ። ከተጠረዘ በኋላ አንድ ገጽ ለመቀየር ሽፋኑ ይፈታል፤ የጥራዙንም 350 ወይም 400 ብር በየቅጂው እንደገና ትከፍያለሽ።

የጂኦግራፊዋ፦ ከስምንቱ ግራፍ ሁለቱ ብዙ መስመር አላቸው፤ እነሱ በከለር ይቆዩ። ከለሬ 13 ሆነ፣ ሁለተኛው ቤት አንዱን በ1,097፣ አራቱን በ4,388 ይሠራዋል ማለት ነው። ነገ ካርታውን ብቻ ይዤ ሄጄ በጣቴ አሸዋለሁ።