የወል ግጦሽ ድንበርን በስልክ ስለመመዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (በጎ ፈቃደኛ፣ ሰሜን ሸዋ)

በቀበሌያችን ወንዝ ዳር ያለው የወል ግጦሽ ከዓመት ዓመት በእርሻ እየተገፋ ጠብቧል። ድንበሩን በስልካችን እንድንመዘግብ ጥቂት ወጣቶች ተመርጠናል፤ ከመካከላችን ግን ቅየሳ የተማረ የለም። ሥራውን ከየት እንጀምር? ስልኩ የሚያሳየውስ ምን ያህል ይታመናል?

መልስ 1 (የግብርና ልማት ሠራተኛ)

እኛ የተጠቀምንበት ቀላል መንገድ የመስክ መለኪያ መተግበሪያ ከፍቶ በድንበሩ ላይ እየተራመዱ መዞር ነው። መተግበሪያው በየጥቂት ሰከንዱ ነጥብ ይይዛል፤ ዙሩ ሲያልቅም ስፋቱን በሄክታር ያወጣል። ነጥቡ በበዛ ቁጥር ልኬቱ የበለጠ ትክክል ይሆናል። ኔትወርክ ከሌለ ግን ጂፒኤሱ ስለማይሠራ በመጀመሪያ ሽፋኑን አረጋግጡ።

መልስ 2 (የቅየሳ ባለሙያ)

እየዞሩ መመዝገብ ስለ ቦታው ጠቅላላ ቅርጽ ለማወቅ ይረዳል። ሆኖም የነጥብ መብዛት ስሕተቱን አያጠፋውም፤ አንዱ ነጥብ በገደሉ ወይም በባሕር ዛፉ ምክንያት ወደ ግራ ካዘነበለ ተከታዮቹም አብረውት ያዘነብላሉ። ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት በመሆኑ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ መጀመሪያ ላይ ቦታውን ለማግኘት ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ኔትወርክ የሚያስፈልገው የጀርባ ካርታ ለማውረድና መረጃውን ለመላክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደህና ስልክ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ላይ እንኳ እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል። የእናንተ ግጦሽ 600 ሜትር ርዝመትና 40 ሜትር ወርድ ያለው የወንዝ ዳር መሬት ነው እንበል፤ ስፋቱ 2.4 ሄክታር ይሆናል። ስልኩ ሁለቱንም ረጃጅም ጎኖች በ5 ሜትር ወደ ውጭ ቢስት ስፋቱ 3 ሄክታር፣ ወደ ውስጥ ቢስት ደግሞ 1.8 ሄክታር ሆኖ ይወጣል። ጠባብ መሬት ላይ ስሕተቱ እንዲህ ይከፋል። በየዓመቱ ግማሽ ሜትር የሚገፋ ገበሬ በስድስት ዓመት 3 ሜትር ይወስዳል፤ ይህንን ስልኩ ብቻውን ከቶ አያሳያችሁም። ስለዚህ ስልኩ ነጥቡ በግምት የት እንዳለ ይንገራችሁ፤ ግፊውን የምታጋልጡት ግን ከማይነቃነቅ ነገር ተነሥታችሁ በሜትር በምትለኩት ርቀት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስልክ ሳታወጡ ከሽማግሌዎች፣ ከእረኞች፣ ከአዋሳኝ ባለይዞታዎችና ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ጋር ድንበሩን በእግር ዙሩ። መስመሩ በሚታጠፍበት ጥግ ሁሉ ላይ እንጨት ትከሉና ከ1 ጀምሮ በተራ ቁጥር ሰይሙት። ቁጥሩን ያለ ቅደም ተከተል ካያያዛችሁት በካርታው ላይ መስመሮቹ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ፤ የተቆራረጠ መስመር ካያችሁም ተራው እንደተዛባ ታውቃላችሁ።

በሁለተኛው ቀን KoboCollect በተባለው የቅጽ መሙያ መተግበሪያ ለእያንዳንዱ ጥግ አንድ ቅጽ ሙሉ፤ የጥጉ ቁጥር፣ የቦታው ነጥብ፣ የአዋሳኙ ስም፣ ፎቶና አስተያየት ይኑርበት። ነጥቡን ስትይዙ ስልኩን ገልጣችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከሌላ ሰውም ጥቂት ራቁ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የትክክለኛነት ቁጥር 5 ሜትር ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድና እስኪረጋ ድረስ ጠብቁ። ይህ ቁጥር ግን ስልኩ ራሱ የገመተው ነው። ከገደል ሥር 4 ሜትር እያለ ከዚያ እጅግ በላቀ ርቀት ሊስት ስለሚችል፣ ዙሩን ስትጨርሱ ጥግ 1ን እንደገና መዝግቡና ሁለቱ ነጥቦች ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከቱ። ልዩነቱ ከ10 ሜትር ከበለጠ አጠራጣሪዎቹን ጥጎች በሌላ ሰዓት ድገሙ።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጥግ አጠገብ ያሉ ሁለት የማይነቃነቁ ነገሮችን ምረጡ፤ ትልቅ ቋጥኝ፣ ዕድሜ ጠገብ ዋርካ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ግንብ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም እስከ ጥጉ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ሁለት ርቀቶች ሁለት ቦታ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ጥጉ በየትኛው ወገን እንዳለ ጻፉ። ተዳፋት ላይ ሜትሩን ከመሬቱ ጋር አታጋድሙት፤ አጫጭር እያደረጋችሁ አግድም ወጥራችሁ ለኩ። አለዚያ ርቀቱ ረዝሞ ይመዘገባል። ነገ እንጨቱ ቢነቀል ወይም ማረሻ ቢያልፍበት ጥጉን የምታገኙት በእነዚህ ሁለት ልኮች ነው።

ወንዙ ድንበር በሆነበት በኩል የወሰዳችሁት የውኃውን ጠርዝ ይሁን የዳሩን አፋፍ ግልጽ አድርጉ። መነሻ ምልክቶቻችሁን ደግሞ ጎርፍ ከሚደርስበት አርቁ።

መልስ 3 (ከቦረና)

ስለዚህ ጉዳይ ማንበቤ የእኛን ነገር አስታወሰኝ። በእኛ ዘንድ ለጥጆች የሚከለለው ካሎ ድንበሩ ስለሚታወቅ በዚህ መንገድ ሊመዘገብ ይችላል። ሰፊው ግጦሽ ግን እንደ ዝናቡና እንደ ውኃ ነጥቡ ይለዋወጣል። በአንድ ወቅት በስልክ የተሰመረ መስመር በድርቅ ጊዜ የሚመጣውን ጎረቤት እንደ ወራሪ ያስቆጥረዋል ብዬ እሰጋለሁ። በእናንተስ አካባቢ በድርቅ ዓመት ከሌላ ቀበሌ የሚመጣ ከብት የለም?

ጠያቂው

በበጋ ከላይኛው ቀበሌ የሚመጣ አለ፤ ይህን ከሽማግሌዎች ጋር እንመክርበታለን። አሁን ያስቸገረን ሌላ ነው። በሁለት ጥጎች መካከል ያለውን መስመር ሽማግሌዎቹ በተለያየ ቦታ ያመለክታሉ፤ በዚያው በኩል ያለው ባለይዞታም ለመገኘት ፈቃደኛ አልሆነም። መካከሉን ይዘን እናስታርቅ?

መልስ 4 (የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባል)

መካከሉን አትያዙ። ሁለቱንም መስመሮች መዝግቡና እያንዳንዱን ያመለከተው ማን እንደሆነ ጻፉ፤ ፍርዱ የእናንተ ሥራ አይደለም። የወል ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 456/1997ም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 የታወቀ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ የሚሰጠው ግን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው፤ የስልክ ካርታ ማስረጃ ሊሆን ቢችልም የምስክር ወረቀቱን አይተካም። ባለይዞታው ባልተገኘበት ወገን ግን ፈጽሞ ባትመዘግቡ እመርጣለሁ፤ በኋላ «በሌለሁበት ተለካ» የሚል ክርክር ይነሣል።

ሌላ የማሳስባችሁ ነገር አለ። ነጥቦቹን ለወረዳው ስታስረክቡ ስልኩ በሚጠቀምበት የቦታ መለኪያ ሥርዓት፣ በ WGS 84፣ የተያዙ መሆናቸውን ጻፉ። ብዙ የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት Adindan በተባለው ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሳይቀየሩ ቢነባበሩ ግጦሻችሁ 200 ሜትር በሚሆን ርቀት ተንሸራቶ ማዶ ሰው እርሻ ላይ ያርፋል። ቁጥሮቹን በእጅ የምትገለብጡ ከሆነም ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ያሉትን ቢያንስ አምስት አሃዞች ጻፉ፤ ሦስት ብቻ ከጻፋችሁ ቦታው ከ50 ሜትር በላይ ሊስት ይችላል።

መልስ 5 (የቅየሳ ባለሙያ)

ባለይዞታው ባልተገኘበት ወገን ስላለው ነገር አልስማማም። ያ ወገን ሳይመዘገብ ቀርቶ የሚቀጥለው የእርሻ ወቅት ከደረሰ አሁን ያለው የማረሻ ዳር የት እንደነበር የሚያሳይ ነገር አይኖርም። የወሰን መስመር ብላችሁ ሳይሆን «በዚህ ቀን የታየ የእርሻ ዳር» ብላችሁ መዝግቡት፤ ፎቶውን ሁለቱ መነሻ ምልክቶች አብረው እንዲታዩበት አንሡ፤ ባለይዞታው እንዲገኝ የተጠራበትን ቀንም ጻፉ።

መልስ 6 (የኮሚቴው አባል)

በዚያ ስያሜ ከሆነ ጥሪው በቀበሌው በኩል በጽሑፍ ይድረሰው፤ በቃል የተላለፈ ጥሪ በክርክር ጊዜ ይካዳል።