የስድስት ሰዓት ጥምቀት በ15 ደቂቃ፦ ማሕሌቱ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?

ጠያቂዋ፣ ከሳቢያን፦ ድሬዳዋ ላይ ከከተራ እስከ ጥር 12 የቀረጽነው ጥምቀት ስድስት ሰዓት ሆነ። ቶሮንቶ ላሉ አክስቶቼ በ15 ደቂቃ አሳጥረን ልንልክ ነው። የደብራችን አባት «ዜማ መቁረጥ ነውር ነው» ይላሉ፤ ወንድሜ ደግሞ ካልተቆረጠ ማንም አይቶ አይጨርሰውም ይላል። ማን ልክ ነው?

የከዚራ ልጅ፦ ወንድምሽ ልክ ነው። ስልክ ከከበሮ አጠገብ ሲቀርጽ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያን ማንም አይሰማውም። ድምፁን በሙሉ አጥፍታችሁ በስቱዲዮ የተቀዳ መዝሙር ከላይ አድርጉበት። መዝሙርም ምስጋና ስለሆነ የሚያስቀይም ነገር የለውም።

የመሪጌታ ልጅ፣ ቪዲዮ አቀናባሪ፦ ስለ ከበሮው እውነት ብለሃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ እንደ ነበረ አይጠገንም። መዝሙር መደረቡን ግን አልቀበልም። አክስቶቿ መዝሙር ቶሮንቶም አላጡም፤ የናፈቃቸው የራሳቸው ደብር ድምፅ ነው። ከከበሮው ራቅ ብሎ የተቀረጸ ክፍል ካለሽ እሱን ፈልጊ፣ እህቴ።

እኔ ከዓመታት በፊት ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገርሽ። ማሕሌት አንዱን ቃል ደጋግሞ እያሳደገ ይሄዳል። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ቀጥሎ ከበሮው ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ በጭብጨባ ጽፋት ላይ ይደርሳል። እኔ ዝግተኛው ይሰለቻል ብዬ ከየቦታው ሞቅ ያለውን ብቻ ቀጣጠልኩ። አባቴ ሁለት ደቂቃ አይተው «ይህ ዜማ መነሻ የለውም» ብለው ተነሡ። ለካስ ጭብጨባው ደስ የሚለው ያ ዝግታ ስላለው ነው።

ስለዚህ ከ15ቱ ደቂቃ አራቱን ሌሊት ድንኳኑ አጠገብ ለቆመው ማሕሌት ስጪ። አንድ ቃል ብቻ ምረጪ፤ ከዝማሜው ማብቂያ ጀምረሽ እስከ ጽፋት ድምፁን ሳትነኪ ተይው። መግቢያውንና መውጫውን የሚነግሩሽ መዘምራኑ ናቸው፤ በግራና በቀኝ ቆመው ይቀባበላሉና አንዱ ወገን ጨርሶ ሌላው ከመቀበሉ በፊት ያለችው ትንፋሽ የመቁረጫ ቦታሽ ናት። ዓይንሽን ጨፍነሽ አዳምጪው፤ ጆሮሽ ከተደናቀፈ ቦታው ትክክል አይደለም።

ሥዕሉን ግን በዚያው ድምፅ ላይ መቀያየር ትችያለሽ፦ ጧፍ፣ ድንኳን፣ ከሩቅ የሚታዩ አረጋውያን። መጠንቀቅ ያለብሽ ከእጅ ነው። የሌላ ሰዓት ከበሮ መቺ እዚህ ካስገባሽ እጁ ከምቱ ቀድሞ ይወርዳል፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያዩት አክስቶችሽ ወዲያው ያውቁታል።

ከጀጎል፣ ሐረር፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ነገሩ ግን ደረሰብኝ። የሹዋሊድ በዓላችንን የምስጋና ዜማ፣ ዚክሪውን፣ ለውጭ ዘመዶች ሳሳጥር የመሪውን ድምፅ ቆርጬ የሕዝቡን መልስ ብቻ አስቀረሁ። አክስቴ ደውለው «ለማን ነው የሚመልሱት?» አሉኝ። እንደገና ሠራሁት። በዚክሪም መሪና ተቀባይ አይለያዩም።

ከቁልቢ መንገድ፦ እኔ ግን ነገሩ ሁሉ አይዋጥልኝም። ታኅሣሥ 19 ስለቷን ይዛ ስታለቅስ የነበረች እናት በማታውቀው ሰው ስልክ ስትዞር አይቻለሁ። መቅረጹ ራሱ ይቅር።

የመሪጌታ ልጅ፦ እርስዎ የሚሉት ሌላ ጥያቄ ነው፣ እናቴ፤ ትልቅ ጥያቄ ግን ነው። ታቦቱ በአደባባይ ሲወጣ የሚያየው ሕዝብ ነው፤ የአንዲት ሴት እንባ ግን የራሷ ነው። ጠያቂዋ፣ ጠበል ሲረጭ ፊቱ ጎልቶ የሚታይ እንግዳ ሰው ካለ አውጪው። ከሩቅ የተነሣው ሕዝብ ይበቃል።

የከዚራ ልጅ፦ ሕፃናቱስ? ጠበሉን ሲቀበሉ ከሚስቁት በላይ ምን ደስ የሚል ነገር አለ?

የመሪጌታ ልጅ፦ የቤቷ ልጆች ከሆኑ ወላጆቻቸው ይወስኑ። የጎረቤት ልጅ ከሆነ እኔ አላስገባም፤ ሌሎች አቀናባሪዎች ግን ያስገባሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታቦቱ ሲወጣ ያለውን ቀረጻ ሲመለስ ካለው ጋር አትቀላቅሉ። ከተራ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጠዋትና የማታ ጥላ ወደ አንድ ወገን አይወድቅም። ያሳጠራችሁት ቀን ቀኑን መምሰል አለበት።

ጠያቂዋ፦ አራቱን ደቂቃ ማሕሌት ዛሬ ለብቻው አውጥቼ ለአባ አሳየኋቸው። እስከ ጽፋቱ ድረስ ቆመው አዳመጡ። «ይህስ አልተቆረጠም» አሉ፤ ስለ ቀሪው 11 ደቂቃ ግን ገና አልፈቀዱም። ቅዳሴውን ከነጭራሹ ባታስገቡት ይሻላል ብለዋል፤ ወንድሜ ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ ይግባ እያለ ነው። ሙሉውን ስድስት ሰዓት በፍላሽ ለብቻው እልካለሁ፤ በዚህኛው ሁለቱም ተስማምተዋል።