ርዕስ አለኝ፣ ቴሲሱ ግን አልቆም አለኝ

ለአንደኛ ዓመት ኮርስ ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት እየጻፍኩ ነው። ርዕሱ «ስልክና የተማሪዎች እንቅልፍ» ነው። በመግቢያው መጨረሻ ቴሲሱን፣ ማለትም የድርሰቱን ዋና አቋም፣ «ይህ ድርሰት ስለ ስልክና እንቅልፍ ያትታል» ብዬ ነበር፤ መምህሩ «ርዕሱን ደገምከው እንጂ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እውነትም የሚቃወመው ሰው የለም። «ስልክ እንቅልፍን ይጎዳል» ወደሚል ቀየርኩት፤ አቋም ሆነ፣ ግን ምክንያት ስለሌለው አንቀጾቹ የሚይዙት አጡ። አሁን ያለኝ ይህ ነው፦ «ተማሪዎች ስልካቸውን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማሳደር አለባቸው፤ ምክንያቱም ከስክሪኑ ብርሃን ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሌሊት የሚገባ መልእክት ነው።» «የለም፣ ብርሃኑ ነው» የሚል ተከራካሪ ስለሚኖረው ከርዕስ ያለፈ ይመስለኛል። ሁለተኛው አንቀጼ ግን ሙሉ በሙሉ ስለ ብርሃን ጉዳት ስለሆነ ይጋጨዋል። አንቀጹን ላውጣው ወይስ ቴሲሱን «ብርሃኑ ቢጎዳም» ብዬ ልጀምረው?