«ጀነራሉ ይቀላል» እያላችሁ ሰው አታስከስሩ

«ውጭ መውጣት የምትፈልጉ ሁሉ የአይልትስ ጀነራሉን ተፈተኑ፣ ይቀላል። አካዳሚክ ምን ያደርግላችኋል?» (ቅዳሜ ማታ እዚሁ የተጻፈ)

የፔዳው፦ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ሆዴ ተቃጥሏል። እኔ ፔዳ አካባቢ ልጆችን አይልትስ አስጠናለሁ፣ ለውጭ የሚጠየቀውን የእንግሊዝኛ ፈተና። አካዳሚክና ጀነራል የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው። በቅርቡ አንድ ልጅ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ አልጋ ይዞ፣ ጀነራል ተፈትኖ መጣ። ውጤቱ ጥሩ ነው። ግን ልጁ የሚፈልገው ማስተርስ ነበር። ያመለከተበት ዩኒቨርሲቲ «የምንቀበለው አካዳሚክ ነው» ብሎ መለሰለት። አሁን እንደገና ከፍሎ ሊፈተን ነው። ማን ነው ጀነራል ተፈተን ያለህ ስለው «የምማርበት ቤት ነው፣ ይቀላል አሉኝ» አለኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ መምህር፣ ቃሌንም አላጥፍም። ይቀላል። ሪዲንጉ ማስታወቂያ ነው፣ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይመጣል። አካዳሚኩ ሦስቱም ረጃጅም ናቸው። ራይቲንጉም ደብዳቤ ነው፣ ግራፍ ላይ ማፍጠጥ የለም። ለትምህርት አካዳሚክ፣ ለሥራ ጀነራል፣ አለቀ። ልጁ ዩኒቨርሲቲውን ሳይጠይቅ ከተመዘገበ የእኔ ጥፋት ነው?

የዘጌ ልጅ፦ እኔ ግራ ገባኝ። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው። ጀነራል የሚባለው ሪሚዲያል ላይ ነው ወይስ ማትሪኩ ላይ ነው የሚመረጠው?

የፔዳው፦ አይ የእኔ ወንድም፣ ይህ የውጭ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ያንተ ወንድም ማትሪኩን ይፈተን፣ ይህ አያገባውም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። «ይቀላል» ያልከውን እንያዝ። ሊስኒንጉና ስፒኪንጉ ለሁለቱም አንድ ነው። የሚለየው ሪዲንግና ራይቲንግ ነው። ሪዲንጉ በሁለቱም 40 ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት ነው። እርማቱ ግን አንድ አይደለም። አካዳሚክ ላይ ከ40 ወደ 30 ካገኘህ የሚሰጥህ ውጤት ባንድ 7 ነው። ጀነራል ላይ ያው 30 ባንድ 6 ነው። ሰባት ለማግኘት 34 ያስፈልግሃል። ጽሑፉ ስለቀለለ የሚፈቀድልህ ስህተት አነሰ ማለት ነው። አሥር መሳት ትችል የነበርከው ሰው ስድስት ብቻ ነው መሳት የምትችለው። ቅለቱ የት አለ?

የሽምብጥ ልጅ፦ ቀላል ጽሑፍ ላይ 34 ማግኘት ከባድ ጽሑፍ ላይ 30 ከማግኘት ይሻላል። እኔ እንደዛ ነው የማምነው።

ኢንጂነር ከፖሊ፦ የእኔን ልንገራችሁና ፍረዱ። ካናዳ፣ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ነበር ያሰብኩት፣ በነጥብ ተወዳድሮ የሚገባበትን መንገድ። ለሱ ደግሞ ከአይልትስ ጀነራሉ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ በአካዳሚክ ውጤት ፕሮፋይል መሙላት አይቻልም። ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለማመድ ከ40 ወደ 31 አካባቢ አመጣ ነበር። አስጠኚዬ 7 ነህ ይለኛል። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ፈተናው ላይ 6 መጣ። ለካ የሚያስለማምደኝ የአካዳሚክ መጽሐፍ ነው፣ የሚያርምልኝም በአካዳሚክ ሰንጠረዥ ነው። በጀነራል 31 ያው 6 ነው።

አንድ ባንድ ምን ያመጣል የምትሉ ካላችሁ፣ ብቻዬን ነው ያመለከትኩት። ሪዲንግ 6 በካናዳ መለኪያ ሲኤልቢ 7 ነው። በሩን ያስገባል፣ ግን የሚሰጠኝ 17 ነጥብ ነው። 7 ባመጣ ሲኤልቢ 9 ሆኖ 31 ይሆን ነበር። በአንድ ሪዲንግ ብቻ 14 ነጥብ ሄደብኝ። ከዲግሪዬና ከሥራ ልምዴ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ተጨማሪ ነጥብም አራቱም ሲኤልቢ 9 ሲደርሱ ነው ሙሉ የሚሆነው። እነሱ አማካዩን አያዩም፣ አንዱ ከወደቀ ይዞህ ይወርዳል። ስለዚህ አስጠኚያችሁን በየትኛው ሰንጠረዥ ነው የምታርመው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ያ የአስጠኚህ ጥፋት ነው እንጂ የፈተናው አይደለም። ደግሞ አየህ፣ ለሥራ ጀነራል ያልኩት ትክክል ነው። አንተው መሰከርክ።

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦ «ለሥራ ጀነራል፣ አለቀ» የምትለዋን ነገር ተዋት ወንድሜ። አላለቀም። እኔ ነርስ ነኝ። እንግሊዝ አገር ለመሥራት የነርሶች ምዝገባ ያስፈልጋል። እዚያ ምዝገባ ላይ አይልትስ ከሆነ የሚቀበሉት አካዳሚክ ነው። ሪዲንግ፣ ሊስኒንግና ስፒኪንግ 7፣ ራይቲንግ 6.5። እኔ ትምህርት ልሄድ አይደለም፣ ሥራ ነው የምሄደው። ባንተ ምክር ሄጄ ቢሆን ገንዘቤም ጊዜዬም በከንቱ ነበር።

የሽምብጥ ልጅ፦ ሲስተር፣ የጤና ባለሙያ ለየት ይላል።

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦ ለየት ይላል ካልክ መጀመሪያውኑ «ሁሉ» ለምን አልክ? «ውጭ መውጣት የምትፈልጉ ሁሉ» ብለህ ነው የጻፍከው። እዚህ ስንት ነርስ እንዳለ ታውቃለህ? ሁሉም ያነባል።

ዓባይ ማዶ፦ እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሲስተሯም ኢንጂነሩም መምህሩም ስለ መውጣት ነው የሚያወሩት። ማን ሊቀር ነው? እናቴ ታማ ስንቴ ተመላለስኩ፣ ነርስ የለም፣ ለቃለች ነው የሚሉኝ።

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን ዘጠኝ ዓመት ሌሊት አድሬ ሠርቻለሁ። የቤት ኪራዬን አንተ አትከፍልልኝም። ይህን እዚህ ባናነሳው።

ዓባይ ማዶ፦ ካነሳሁት አነሳሁት።

የፔዳው፦ እባካችሁ። ስለ ደብዳቤው ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ እሱም «ይቀላል» ከሚባለው ውስጥ ነው። የጀነራሉ ደብዳቤ ላይ ሦስት ነጥብ ይሰጣል፣ ሦስቱም መነካት አለባቸው። አንዷን ከዘለልክ ነጥብህ ይወርዳል፣ የቀረው ምንም ያህል ቢያምር። ሁለተኛው አነጋገሩ ነው። ለጓደኛህ ጻፍ ሲል የማመልከቻ ቋንቋ የሚጽፉ ልጆች አሉኝ። «ዲር ሰር» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው የማመልከቻ ደብዳቤ ስለሆነ ነው፣ ለጓደኛ በእንግሊዝኛ የጻፈ ማን አለ? ግራፉ ቢያንስ መልኩ ይታወቃል፣ ለምዶ መሥራት ይቻላል። በሁለቱም ፈተና ደግሞ ራይቲንግ ላይ ከደብዳቤው ወይም ከግራፉ ቀጥሎ ድርሰት አለ፣ እሱም የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። ስለዚህ ግራፍ ፈርታችሁ ብቻ ፈተና አትቀይሩ።

ኢንጂነር ከፖሊ፦ እኔም ደብዳቤው ላይ ነው ሰዓት የበላሁት። 150 ቃል ነው ብዬ ናቅኩት፣ ለድርሰቱ ሩብ ሰዓት ያህል ቀረኝ።

የዘጌ ልጅ፦ እሺ እኔ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ሰው ትምህርትም ሥራም ቢያስብስ? ሁለቱንም ይፈተን?

ኢንጂነር ከፖሊ፦ የመጀመሪያ ማመልከቻህ የት ነው? እሱ የሚለውን ውሰድ። ውጤቱ ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ አስቀድመህ ሁለቱንም ብታወጣ አንዱ ኪስህ ውስጥ ያረጃል።

የሽምብጥ ልጅ፦ አውስትራሊያ ለሥራ ቪዛው ሁለቱንም ይቀበላል። ያኔ የሚቀለውን መምረጥ መብት ነው። እዚያ ላይ ምን ትላላችሁ?

ሲስተር ከግሽ ዓባይ፦ ነርስ ካልሆንክ። ለነርስ እዚያም ምዝገባው አካዳሚክ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ሲስተር እንደገና!

የፔዳው፦ እሷ ያለችው ልክ ነው። አውስትራሊያ ላይ ግን ምርጫ አለ ብለሃል፣ እሱም እውነት ነው። ያኔም ቢሆን በስሜት ሳይሆን በውጤት ይመረጥ። ከሁለቱም አንዳንድ ሪዲንግ ሰዓት ይዞ መሥራት፣ እያንዳንዱን በራሱ ሰንጠረዥ ማረም፣ ባንዱ ከፍ ያለውን መያዝ። ቁጥሩን ሳይሆን ባንዱን።

የሽምብጥ ልጅ፦ እሑድ ፔዳ እመጣለሁ መምህር። ሁለቱንም ፊትዎ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ጀነራሉ ላይ የተሻለ ባንድ ካመጣሁ ቃሌን እንዳላነሳ።

የፔዳው፦ ና። አንተ ብታመጣ ግን ለሌላው ሰው ማስረጃ አይሆንም። «ሁሉ» የምትለዋን ከጽሑፍህ ላይ አውጣና ና።

የሽምብጥ ልጅ፦ «ሁሉ»ን አወጣለሁ። «ይቀላል»ን አላወጣም።