ጥቆማ፦ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት የትኛው ፈርጥ ይሻላል? ቶፓዜ ተሸረፈብኝ

ጠያቂዋ (ደሴ)፦
ሰላም እንዴት ዋላችሁ። አምና ለኒካሄ የተገዛልኝ ሰማያዊ ቶፓዝ ያለበት የብር ቀለበት ነበረኝ። ሻጩ «ጥንካሬው 8 ነው፣ ብርጭቆ ይጭራል፣ ዕድሜ ልክሽን ታደርጊዋለሽ» አለንና እኔም ከጣቴ አውጥቼው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ቡና ስወቅጥ እጄ የሙቀጫውን ከንፈር ነካ። እጄን እንኳ አላመመኝም፣ ፈርጡ ግን አንድ ጥጉ ተሸርፎ ቀረ። ሦስት ቦታ ጠየቅኩ። ፒያሳ ያለው ወርቅ ሰሪ ሌላ ቶፓዝ እንደ በፊቱ በአራት ጥፍር ልግጠምልሽ አለኝ። ኮምቦልቻ ያለው ያንኑ ሞርጄ አሳንሼ እመልሰዋለሁ አለ። ሦስተኛው የደላንታ ኦፓል አድርጊበት፣ የአገርሽ ነው ይላል። የቱን ትላላችሁ?

አንዱ፦
ተበልተሻል፣ ፎርጅድ ነው። እውነተኛ 8 ቢሆን በሙቀጫ አይሸረፍም። ብር ካለሽ አልማዝ ግዢ፣ 10 ነው፣ በመዶሻም አይሰበር።

ወገል ጤና ድንጋይ የሚሞርድ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ፎርጅድ ነው ለማለት አትቸኩዪ። ያ 8 የሚሉሽ ቁጥር ማን ማንን ይጭራል ለሚለው ብቻ ነው። ሞስ የሚባል ሰው በ1812 ማዕድኖችን እርስ በርስ እያስጫረ በተርታ አስቀመጣቸው፣ በቃ። ምት ስለመቻል ምንም አይነግርሽም። ማገዶ ስትፈልጪ አስቢው፤ በቁመቱ ትንሽ ስትመቺው ይሰነጠቃል፣ በአግድሙ ግን መጥረቢያውን ይመልስልሻል። ቶፓዝም እንደዚያ የሚፈለጥበት አንድ አቅጣጫ አለው፣ ምቱ በዚያ በኩል ከገባ 8ነቱ አያድነውም። አልማዝ ደግሞ አራት እንዲህ ያለ አቅጣጫ አለው። የድሮ ቆራጮች ትልልቁን አልማዝ በአንድ ምት ነበር የሚከፍሉት፣ ስለዚህ ወንድሜ መዶሻውን ተወው።
የተሸረፈውን ቦታ በመብራት አዘንብለሽ እዪው። እንደ መስታወት ጠፍጣፋና የሚያብለጨልጭ ከሆነ በዚያ አቅጣጫ ተፈልጧል ማለት ነው። ብርጭቆ ሲሸረፍ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጎድጎድ ብሎ ነው።

ሌላዋ፦
ወንድሜ አንተ ኦፓል ትገዛለህ? እናቴ ጋ ያልተሞረደ አለ። ደግሞ ያንዱን ቀለም ለማድመቅ ውሃ ውስጥ ባሳድረው ጭራሽ ብርጭቆ መሰለ፣ ተበላሸ እንዴ?

ወገል ጤና ድንጋይ የሚሞርድ፦
አልገዛም እህቴ፣ እሞርዳለሁ እንጂ። አልተበላሸም፣ የኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ጥላ ላይ ተዪው፣ በቀናት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። እሳት ወይም ፀሐይ ላይ እንዳታደርቂው፣ ይሰነጠቃል።
ለጠያቂዋም መልሱ እዚሁ ነው። ውሃ፣ ሳሙናና ዘይት የሚጠጣ ድንጋይ ቡና ለምታፈላ እጅ አይሆንም። በዚያ ላይ ኦፓል ቢበዛ 6 ተኩል ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ 7 ስለሆነ በደረቅ ጨርቅ በጠረግሽው ቁጥር ይፈዛል። እኔ ራሴ እየሞረድኩት ለጉትቻና ለአንገት ብቻ ነው የምመክረው፣ ለሻጩ ባይጥመውም።

አረብ አገር የሠራች፦
እኔ ጄድ አድርጌ ሰባት ዓመት ዕቃ አጥቤበታለሁ፣ አንድም አልተሸረፈም። ቁጥሩ ከቶፓዝሽ ያነሰ ነው ብለውኝ ነበር።

ወገል ጤና ድንጋይ የሚሞርድ፦
እውነቷን ነው። ጄድ ወደ 6 ነው፣ ግን ውስጡ እንደ መሶብ ስፌት የተጠላለፈ ክር ስለሆነ ምት ሲያርፍበት ስንጥቁ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መንገድ አያገኝም። ደሴ ላይ ግን ጄድ ብለው የተቀባ ሌላ ድንጋይ ይሸጡልሻል ብዬ እፈራለሁ።
እኔ ብሆን ሳፋየር ነበር የማስገባው። 9 ነው፣ እንደ ቶፓዝ የሚፈለጥበት አቅጣጫም የለውም። ከትግራይ የሚመጣው ጠቆር ያለ ነው፣ ግን ያምራል። ውስጡ ስንጥቅ እንደሌለው በማጉያ ሳታዪ አትግዢ። ደግሞ አራት ጥፍር ይቅር፣ ዙሪያውን በብር ይታቀፍ፤ የሚሸረፈው ሁልጊዜ ተጋልጦ የሚቀረው ጠርዝ ነው።

ጠያቂዋ፦
አየሁት፣ ልክ እንደ መስታወት ጠፍጣፋ ነው። ሳፋየሩ ግን ከበጀቴ ያልፋል። ያንኑ ባስሞርደውስ?

ወገል ጤና ድንጋይ የሚሞርድ፦
ይቻላል፣ የኮምቦልቻውን ግን አንድ ነገር ጠይቂው። የተፈለጠውን ገጽ እንዳለ ላለሳልሰው ካለ ተይው፣ በዚያ አቅጣጫ ቶፓዝ አልለሰልስም ይላል። ከአምስት ዲግሪ በላይ አዘንብዬ ነው የምሞርደው ካለሽ ሥራውን ያውቃል። ብየዳም ካለው ፈርጡን መጀመሪያ ያውጣው፣ ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል።

ጠያቂዋ፦
የፒያሳው ዙሪያውን ከታቀፈ ብርሃን አይገባውም፣ ይሞታል አለኝ።

አንዱ፦
እሱስ እውነቱን ነው፣ የኔ ሚስት ቀለበት እንደዚያ ሆኖ ጨልሟል።

ወገል ጤና ድንጋይ የሚሞርድ፦
ትንሽ ይቀንሳል፣ አልዋሽሽም። ከሥሩ ክፍት ይተውልሽ በይው። ቡና ስትወቅጪ ደግሞ አውጪው።