ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ማስታወሻ፦ ቁጣው ይውጣለት፣ ቁም ነገሩ አይጥፋ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ባለ የፕሮጀክት ቢሮ ሒሳብ ክፍል ነኝ። ሠራተኞች ታይምሺት እንዲሞሉ የምናስታውስበት መልእክት ተስተካክሏል፤ የቸገረኝ የመስክ ቅድመ ክፍያን እንዲያወራርዱ የምናስታውስበት ነው። በደንባችን ሠራተኛው ከመስክ በተመለሰ በ7 ቀን ውስጥ በደረሰኝ ማወራረድ አለበት። እስካሁን ለሁሉም በአንድ ላይ የሚላከው ይህ ነው፦

«በተደጋጋሚ ብናሳስብም ያላወራረዳችሁ አላችሁ። ለመጨረሻ ጊዜ እናስጠነቅቃለን!»

በጊዜው ያወራረደው ይቀየማል፣ ያላወራረደው ደግሞ ሌላውን ነው ብሎ ያልፈዋል። «ለመጨረሻ ጊዜ» የሚለውማ በየወሩ ሲደጋገም የሚያምነው የለም። ስለዚህ ለየሰው ለየብቻ የሚሄድ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ጋሼ፣ ለወልድያው ጉዞ ከወሰዱት 6,000 ብር ውስጥ የ4,200 ብር ደረሰኝ ደርሶኛል። የቀረው 1,800 ብር ነው። እስከ ረቡዕ 10 ሰዓት ደረሰኙን ወይም ተራፊውን ገንዘብ ያስረክቡኝ። የነዳጁ ደረሰኝ ከጠፋ አስቀድመው ይንገሩኝ።»

አሁን የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠራተኛው ቅድመ ክፍያውን ሲወስድ፣ ካላወራረደ ከደመወዙ እንዲቆረጥ በጽሑፍ ተስማምቶ ፈርሟል። ይህን ለሰውየው መጀመሪያ በምልከው ማስታወሻ ባሰፍረው ዛቻ ይመስላል፤ ሳያወራርድ ሲቀር በምልከው ሁለተኛ ማስታወሻ ብቻ ባነሣው ደግሞ «ቀድሞ አልተነገረኝም» ይመጣል። እናንተ የት ታስገቡታላችሁ፣ በምን ቃል?